«ስለት»ን በምን እንተካዋለን?

ለዚህ ጽሑፍ ብዬ የገጠምኳት ባለ ሁለት ስንኝ ግጥም ይህች ናት፦

ደብዳቤህ ዘግይቶ ሌቱ ሲያባባ፣
ቁልቢ ሳልደርስ ገና ሆዴ ስለት ገባ።

የምትናገረው ልጇ ርቆ የሄደባት እናት ናት እንበል። መጀመሪያ ስንሰማት የምትለው ግልጽ ነው። ደብዳቤው ቀረ፣ ሌሊቱ አላስተኛ አላት፣ ሆዷ ስለት ተሳለ። ቁልቢ ገብርኤል ደርሳ ስለቷን ከማስገባቷ በፊት፣ ገና ከቤቷ ሳትወጣ፣ «ልጄን በደኅና ካሰማኸኝ» ብላ ቃሏን ሰጠች። ይህ ሰሙ ነው። ጥቂት ቆየት ብለን ሁለተኛውን ስንኝ ስንደግመው ግን ሌላ ነገር ይመጣል። ስለት ማለት የቢላ፣ የጩቤ፣ የምላጭ የሚቆርጠው ጠርዝም ነው። ሆዷ ስለት ገባ፤ ናፍቆቱ እንደ ጩቤ ወጋት ማለት ነው። ወርቁ ይህ ነው።

ሁለቱንም የተሸከመው «ስለት» የሚለው አንድ ቃል ነው። ባለ ቅኔዎች እንዲህ ያለውን ቃል ኅብር ይሉታል፤ ሰሙና ወርቁ ተለያይተው በሁለት ቃል ሳይሆን ተባብረው በአንድ ቃል ስለሚያድሩ ነው። ገጣሚው ስንኙን ሲያርም፣ ወይም የመጽሐፍ አርታኢ ሲያስተካክልለት፣ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። አማርኛ ለስለት ሌላ ስም አለው። ብፅዓት አለ፣ ቃል ኪዳን አለ፣ መሐላ አለ። ለሌላኛው ስለትም ጩቤ፣ ካራ፣ ሰይፍ አለ። ታዲያ ከእነዚህ መካከል የትኛውን ማስገባት ይቻላል?

«ብፅዓት»ን እንሞክር። «ቁልቢ ሳልደርስ ገና ሆዴ ብፅዓት ገባ።» ልኩ አልተነካም። ግጥሟ የወል ቤት ናት፤ እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ቀለም ብሎ ያርፍና ስድስት ይደግማል። «ሆዴ ስለት ገባ» ስድስት ነው፣ «ሆዴ ብፅዓት ገባ»ም ስድስት ነው። ቤት መምቻው «ገባ» በቦታው አለ። እንዲያውም ብፅዓት ከስለት ይልቅ የቤተ ክህነት ክብር ያለው፣ የጠራ ቃል ነው። አርታኢን የሚያታልለውም ይኸው ነው። በዜማ፣ በቤትና በሰሙ በኩል ምንም የጎደለ ነገር የለም፤ ስለዚህ ያሻሻለ ይመስለዋል። ነገር ግን ብፅዓት አይቆርጥም፣ አይወጋም። ግጥሟ ስለት የተሳለች እናት ወሬ ሆና ትቀራለች።

በሌላኛው በኩል ደግሞ «ሆዴ ጩቤ ገባ» እንበል። ይህም ስድስት ቀለም ነው፣ ይህም ቤት ይመታል። ሕመሙ አለ፣ ስለቱ ጠፋ። ወርቁ ያለ ሰም ወጥቶ ስለተሰጠን የምንፈልገው ነገር የለም። ቁልቢም ምን ሊሠራ እንደመጣ አይታወቅም፤ መንገድ ላይ በጩቤ የተወጋ ሰው ታሪክ ይመስላል።

ይህን ሙከራ ያደረግሁት ሁለቱ ቃላት እንደማይሆኑ ለማሳየት ብቻ አይደለም። አንድ ኅብር ቃል በእርግጥ ሁለቱንም ትርጉም ተሸክሞ እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ቃሉን አውጡና በቦታው መጀመሪያ የሰሙን ተመሳሳይ አስገቡ፤ ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስውም በትርጉምም ይቆማል ወይ? ከዚያ ያንን አውጡና የወርቁን ተመሳሳይ አስገቡ፤ አሁንስ ይቆማል ወይ? «ሆዴ ብፅዓት ገባ» ይቆማል። «ሆዴ ጩቤ ገባ»ም ይቆማል። ሁለቱም ከቆሙ ስለት ሙሉ ኅብር ነው። አንዱ ብቻ ከቆመና ሌላው ከተንገዳገደ ኅብሩ አንካሳ ነው፤ ገጣሚው በልቡ ያሰበው ሁለተኛ ትርጉም ወረቀቱ ላይ አልደረሰም ማለት ነው። ተመሳሳይ ቃላት ለኅብር ግጥም ያላቸው ዋና ጥቅም በእኔ እምነት ይህ ነው። መፈተኛ ናቸው እንጂ መተኪያ አይደሉም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ስለት የሚለው ቃል ሁለት ፊት ያገኘው ከየት ነው? ሁለቱ ስለቶች ዘመዳሞች አይደሉም። የቢላው ስለት የመጣው «ሳለ» ከሚለው ግስ ነው፤ ቢላ ሳለ፣ ሞረደ፣ አሰላ እንደምንለው። ግዕዙ ሰሐለ ነው። የተስፋው ስለት ደግሞ ግዕዙ ስእለት ነው፣ ሰአለ ማለትም ለመነ ከሚለው ግስ። በአማርኛ ውስጥ የጉሮሮ ድምፆቹ እየተዋጡ ሄዱ፤ ሐ ጠፋ፣ አ ጠፋ፣ ሁለቱ ቃላት በአንድ ድምፅ ላይ ተገናኙ። «ሳለ» ራሱ እንዲህ ሦስት አራት ግስ የዋጠ ቃል ነው። በግዕዝ ሠዐለ፣ ሥዕል ሣለ ማለት ነው። ሰዐለ፣ ጉንፋን ይዞት ሳለ ማለት ነው። ሰሐለ፣ ቢላ ሳለ ማለት ነው። በአማርኛ ሦስቱም «ይስላል» ይባላሉ። «ሌሊቱን ሲስል አደረ» ያለ ሰው ሰዓሊም፣ በሽተኛም፣ ሥጋ ቆራጭም ሊሆን ይችላል። የቅኔ አፍቃሪ ለዚህ የድምፅ መዋጥ ብዙ ባለ ዕዳ ነው።

ዕዳው ግን በወረቀት ላይ ይታያል። ፊደሉ ድምፁ የጣለውን ልዩነት ይዞ ቀርቷል። የተስፋው ስለት በሕትመት ላይ በብዛት «ስዕለት» ተብሎ ይገኛል፤ ሥርወ ቃሉን ተከተልን ብንል እንኳ «ስእለት» ነበር የሚሆነው። የኔን ስንኝ የሚያርም ጠንቃቃ አርታኢ ቁልቢን ያይና፣ ነገሩ የቤተ ክርስቲያን ነው ብሎ ይወስንና፣ «ሆዴ ስዕለት ገባ» ብሎ ያስተካክላል። አንድም ቃል አልተካም። የፊደል ስሕተት ያረመ ነው የሚመስለው። ሆኖም አንባቢው «ስዕለት»ን ሲያይ የቢላው ጠርዝ ከዓይኑ ይጠፋል፤ ቢላ ዕ የለውምና። ግጥሟን በቃሉ የሚያነብላችሁ ሰው «ዕ»ን ሳይጠራ ከዘለላት ጆሮ አሁንም ሁለቱን ይሰማል። ያያችሁት ጽሑፍ ግን አስቀድሞ ወስኖላችኋል።

ስለዚህ እኔ «ብፅዓት» ብሎ የተካውን አርታኢ «ስዕለት» ብሎ ካረመው አስበልጬ አልፈራውም። የመጀመሪያው የሠራው ይታያል፤ ገጣሚው መጽሐፉ ታትሞ ሲያየው ይጮኻል። የሁለተኛው ጥፋት ግን ከእርማት ጋር ተመሳስሎ ያልፋል፤ ገጣሚው ራሱ እንኳ ሳያስተውለው ሊቀር ይችላል። በሁለት ዓይነት ፊደል ሊጻፍ የሚችል ኅብር ሲገጥማችሁ የምትመርጡት ለሁለቱም የሚያገለግለውን አጻጻፍ ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ቀላሉ፣ ተራው፣ የጉሮሮ ፊደል የሌለበት ነው። «ስለት» ብላችሁ ስትጽፉ ስእለትም ሰሐለም ሊያነሡት ይችላሉ።

ጉዳዩ በኅብሩ ቃል ብቻ አያልቅም። ኅብሩን ሳይነኩ ጎረቤቱን በመለወጥ ብቻ መግደል ይቻላል። «ሆዴ»ን እንመልከት። ሰው ስለት የሚሳለው ራሱ ስለሆነ «እኔ ስለት ገባሁ» ማለት ይበልጥ የተለመደ አነጋገር ነው። ቀለሙም ይገጥማል። ነገር ግን «ገባሁ» ባልን ቅጽበት ግሱ የኔ ሆነ፤ ስለቱ ሊገባ አይችልም፣ የገባሁት እኔ ነኝና። ኅብሩ ቃል ሳይነካ ሞተ። «ሆዴ ገባ» የሚለው ግን ሁለት መንገድ ይከፍታል። ሆዴ ባለቤት ሆኖ ስለት ገባ፤ ወይም ሆዴ ቦታ ሆኖ ስለት ገባበት። «ነገሩ ሆዴ ገባ» እንደምንለው «ውስጥ» የሚል ቃል አያስፈልገውም። ሁለቱም ባለቤቶች፣ ሆድም ስለትም፣ ሩቅ ወንድ ነጠላ ናቸው፤ ሁለቱም «ገባ» ይላሉ። አማርኛ ግሱ ላይ ባለቤቱን ስለሚያሳይ ይህ መገጣጠም ዕድል ብቻ አይደለም፤ ያለ እርሱ ኅብር የለም።

የሆድ ተመሳሳዮችስ? «ልቤ ስለት ገባ» በቀለም ይሆናል፣ በትርጉምም ይሆናል። ልብ ቃል ይገባል፣ ልብም ይወጋል። «አንጀቴ ስለት ገባ» ግን ከስድስት ያልፋል፤ ደግሞም አንጀት ይቃጠላል፣ ይላወሳል፣ ይራራል እንጂ ስለት ሲሳል አልሰማንም። በልቤና በሆዴ መካከል የመረጥኩት ሆዴን ነው፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ስንኝ «ሲያባባ» ብሎ ያበቃል። አማርኛ ላይ የሚባባው ሆድ ነው። «ሆዴ ባባ» የሚል ሰው ልቡን አያነሣም። ሆዴ ሲመጣ ከላይ ያለው «ሲያባባ» ይጠራዋል፣ ሕመሙም መቀመጫውን ያገኛል። ስለትም በጩቤ ሲወጋ የሚገባው ሆድ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ሆዴ» ብሎ መጥራትም አለ፤ የምንወደውን ሰው «ሆዴ!» እንላለን። አታሚው «ሆዴ፣ ስለት ገባ» ብሎ ነጠላ ሰረዝ ቢያስገባ ሆዴ ጥሪ ይሆናል፣ ልጁ ይሆናል። ስለቱም ማንም ያልያዘው፣ የማንም ያልሆነ ስለት ይሆናል። እንዲህ ባለ ስንኝ ውስጥ ሥርዓተ ነጥብ ያነሰው ይሻላል።

«ገባ»ስ? ስለት «ይገባል» ብቻ ሳይሆን «ይሳላል»ም። «ሆዴ ስለት ተሳለ» ብንል ነገሩ ይበልጥ ይራቀቃል፤ ተሳለም ኅብር ነውና። ስለት ተሳለ፣ ቃል ሰጠ። ስለቱ ተሳለ፣ ተሞረደ። ብዙ ገጣሚ እዚህ ሲደርስ ይደሰትና ይወስደዋል። እኔ አልወስደውም። የመጀመሪያው ምክንያት ቀላል ነው፤ ቀለሙ ሰባት ይሆናል፣ ቤቱም ይፈርሳል። ሁለተኛው ይከብዳል። የተሳለ ስለት ገና አልገባም። ቢላው ተስሏል፣ ሴትዮዋ ግን አልተወጋችም። ወርቁ የደረሰ ሕመም መሆኑ ቀርቶ ወደ ማስፈራራት ይሄዳል። ሁለት ኅብር በአንድ ስንኝ ማሳደር ብልሃት ሊሆን ይችላል፣ ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን ወርቅ ከቀነሰ ብልሃቱ ከግጥሙ ወስዷል እንጂ አልጨመረም።

«ቁልቢ ሳልደርስ ገና» የሚለውም እንደ ዋዛ የተቀመጠ አይደለም። ቁልቢ ገብርኤል ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ ነው፤ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ባለ ስለቱ ከአገሩ ሁሉ ይጎርፋል። ሰው ስለቱን የሚሳለው ቤቱ ሆኖ፣ ጭንቅ ሲደርስበት ነው። ቁልቢ ሲደርስ የሚያደርገው ስለቱን ማስገባት ነው፤ ጧፉን፣ ጥላውን፣ ገንዘቡን። «ቁልቢ ደርሼ» ብል ኖሮ ሰሙ ከልማዱ ጋር ይጣላ ነበር፤ እዚያ ደርሶ ስለት ማስገባት እንጂ ስለት መግባት አይጠበቅምና። ልማዱን የሚያውቅ አድማጭ ያች አንዲት ቃል ላይ ይደናቀፋል። ሰም የሚጸናው በዝርዝሩ እውነት ነው።

«ለቁልቢ ገብርኤል ሆዴ ስለት ገባ» ማለትም ይቻል ነበር፤ በንግግር የሚለመደው እንዲያውም ይህ ነው። ይህን ስንል ግን «ለ» ስለቱን ለገብርኤል ሰጠችው። ለመልአኩ የሚገባ ስለት ብፅዓት ብቻ ነው። ቢላው በሩ ተዘጋበት። አንዲት መስተዋድድ ናት፤ ቃላቱ ሁሉ በቦታቸው እያሉ ኅብሩን ታፈርሰዋለች። ቁልቢን ያለ «ለ» ሳስቀምጠው ቦታ ብቻ ሆነ፤ ስለትን ያስታውሳል እንጂ አያስርም።

ቁልቢ ለሰሙ ምስክር ነው፣ «ሲያባባ» ለወርቁ ምስክር ነው። ቅኔ የሚሰማ ሰው ሁለተኛውን ትርጉም ከባዶ ሜዳ አያመጣውም፤ የሚጠቁመው ቃል ይፈልጋል። ከሁለቱ ምስክሮች አንዱን በተመሳሳዩ ለውጡና የሚሆነውን እዩ። «ቁልቢ ሳልደርስ» በሚለው ፋንታ «ገበያ ሳልደርስ» ብንል ስለት የሚያስብ ሰው የለም፤ ሁሉም ወደ ጩቤው ይሄዳል። «ሌቱ ሲያባባ» ቀርቶ «ሌቱ ሲገባደድ» ቢሆን ደግሞ ሕመም የሚያነሣ ነገር ስለማይኖር ሁሉም ስለቱን ይዞ ያርፋል። ኅብሩ ቃል በሁለቱም ጊዜ አልተነካም። እንዲህ ሲሆን ጉዳቱን ለማየት ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ገጣሚው ወርቁን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ሁልጊዜ ያገኘዋል። ለማያውቅ ሰው አንብቡለትና ምን ሰማህ በሉት። አንዱን ብቻ ከነገራችሁ የጎደለው ምስክር ነው።

«ገና» የሚለው ቃል ያልጠራሁት እንግዳ ሆኖ መጥቶብኛል። ገና በዓልም ነው፣ ከቁልቢው ታኅሣሥ 19 ዐሥር ቀን ቆይቶ የሚውል። ቁልቢና ገና በአንድ ስንኝ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንባቢ እዚህም ኅብር አለ ብሎ መቆፈር ይጀምራል፤ ቢቆፍር ግን የሚያገኘው ወርቅ የለም። ሲነበብ ችግሩ ይጠፋል፣ ምክንያቱም የበዓሉ ገና «ና»ን ጠብቃ ትነገራለች፣ «እስካሁን» ማለት የሆነችው ገና ግን ላልታ ነው። ጮክ ብሎ ያነበበ ሰው አፉ ይመርጥላታል። ስለዚህ ግጥሟ በመድረክ የምትነበብ ከሆነ ገናን በቦታዋ እተዋታለሁ። በመጽሐፍ ብቻ የምትታተም ከሆነ ግን «ገና ቁልቢ ሳልደርስ» ብዬ ወደ ፊት አመጣታለሁ፤ መጀመሪያ ላይ ስትመጣ «እስካሁን» መሆኗ ወዲያው ይታወቃል፣ ስድስቱ ቀለምም አይጓደልም።

ይህ የመጥበቅና የመላላት ነገር ኅብር ቃል ለሚመርጥ ሰው ትልቅ መለያ ነው። ፊደላችን ጥብቀትን አይጽፍም። «ሰፊ» ላልቶ ሲነበብ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ጠባብ ያልሆነ ነው። «ዋና» ላልቶ ውኃ ውስጥ ነው፣ ጠብቆ አለቃ ነው። እንዲህ ያለ ኅብር በወረቀት ላይ ሕያው ነው፤ አንባቢው ሁለቱንም ያያል። ነገር ግን አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ካነበበው አንዱ ይሞታል። ስእለትና ስለት ዓይነቱ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ በጆሮ ይኖራል፣ በፊደል ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከሁለት ኅብሮች አንዱን የምትመርጡ ከሆነ መጀመሪያ ግጥሙ የት እንደሚውል ጠይቁ። ለዘፈን፣ ለለቅሶ፣ ለመድረክ ከሆነ በድምፅ ፍጹም የሚገጥመውን ምረጡ። ለመጽሐፍ ከሆነ በፊደል የሚገጥመው ይበቃል። «ስለት» ብለን በተራው ፊደል ስንጽፈው ሁለቱንም ቦታ ያገለግላል፤ በሁለቱም ትርጉሙ ጥብቀት የለውምና። እንዲህ ያለ ቃል ሲገኝ በቀላሉ የሚለቀቅ አይደለም።

ሁለቱም ትርጉሞች በሰሚው ዘንድ ሕያው መሆን አለባቸው። ስለት የቢላ ጠርዝ መሆኑን የከተማ ወጣት ያውቃል ወይ? ያውቃል፤ «ስለት ባለው ነገር ተወግቶ» የሚለውን ዜና በየጊዜው ይሰማል። ይህ ዕድል ሁሉም ቃል አያገኘውም። አንድ ሽማግሌ ብቻ የሚያውቀው ትርጉም ላይ ወርቅ የሠራ ገጣሚ ወርቁን ለመዝገበ ቃላት አደራ ሰጥቶታል። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመው «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ለቃል ፈላጊ ትልቅ ጎተራ ነው፣ ግን ከዚያ የወጣ ቃል ሁሉ አድማጭ ቤት ይደርሳል ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ሌላ ስንኝ ልሂድ፣ ምክንያቱም የስለቷ ግጥም አንዱን የአማርኛ ችግር ፈጽሞ አላጋጠማትም። ቁልቢ ከሚገባው ስለት አንዱ ጥላ ነው ብያለሁ። «ጥላ» ራሱ ግሩም ኅብር ነው፤ ከፀሐይ የሚከልለውም፣ «ጣለች» ከሚለው የወጣው «ትታ» ማለትም ነው። ድምፃቸው አንድ፣ ፊደላቸው አንድ፣ ሁለቱም ላልተው የሚነበቡ።

ከመንገድ መጣን ፀሐይ ከረረች፣
ስንደርስ እማዬ ጥላ ነበረች።

ይህች በሰንጎ መገን ልክ፣ አምስት አምስት ቀለም እየተባለ የምትሄድ ናት። ሰሙ፣ ተቃጥለን ስንመጣ እናታችን አሳረፈችን፣ ጥላ ሆነችን። ወርቁ፣ ስንደርስ ትታን ሄዳ ነበር። ሙከራውን እናድርግ። «ስንደርስ እማዬ ከለላ ነበረች» ይቆማል። «ስንደርስ እማዬ ትታ ነበረች» ሲባል ግን ሰሚው «ምኑን?» ይላል። ወርቁ ትንሽ ያነክሳል። በስድ ንባብ «ጥላን ነበር» ይባላል፣ የተተዉት እነማን እንደሆኑ የምትነግር «ን» አለች። ያችን «ን» ብናስገባ ግን ጥላ የተባለው ከለላ ይጠፋል።

ለማዳን የመጀመሪያውን ሐረግ «ቤቱ ኦና ነው» ብዬ መለወጥ እችል ነበር፤ አምስት ቀለም ነው፣ መተዉንም ይመሰክራል። ሆኖም ኦና ሲባል ወርቁ ገና ከመጀመሪያው ይወጣል፣ ሰሙን የሚያምን ሰው አይኖርም። እኔ የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው። ግጥሟ የምትባለው ለቅሶ ቤት ከሆነ ቦታው ራሱ ምስክር ነው፤ የተተዉት እነማን እንደሆኑ እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። መጽሐፍ ውስጥ ርዕስ ወይም ማስታወሻ ካልታከለላት ግን ከሰሙ የማያልፍ አንባቢ ይኖራል።

የዚች ግጥም ትልቁ አደጋ ሌላ ነው። «እማዬ»ን በተመሳሳይዋ በ«እማማ» ብትተኩ ምን ይሆናል? ቀለሙ አንድ ነው። ነገር ግን እማማ የምንላቸውን ትልቅ ሴት አንቱ እንላለን። «እማማ ጥላ ነበሩ» ሰም አለው፤ ወርቁ ግን «ጥለው ነበር» ይሆናልና ኅብሩ ተለያየ። «አባዬ» ካላችሁም «ጥሎ» ነው። ይህ ኅብር የሚኖረው አንቺ በምትባል አንዲት ሴት ላይ ብቻ ነው። የሟችን ክብር ለመጠበቅ ብሎ አንቱታ የጨመረ አርታኢ፣ ሐሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ወርቁን አጥፍቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ክብር መጠበቅ ካለበት ኅብሩን ትቶ ሌላ ኅብር መፈለግ ነው እንጂ በግድ ማስታረቅ አይቻልም። ሩቅ ወንድ ነጠላ፣ ሩቅ ሴት ነጠላ፣ አክብሮት፤ ኅብር ቃላችሁ ከእነዚህ በየትኛው እንደሚኖር አስቀድማችሁ ዕወቁ።

የግጥም መጻሕፍትን ለምታርሙ፣ ለማተሚያ ቤት ፊደል ለምትለቅሙ፣ የዘፈን ግጥም ለምታስተካክሉ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። ቃሉ ሻካራ መስሎ ከታያችሁ፣ የተሻለ ተመሳሳይ ከመጣላችሁ፣ ወይም ፊደሉ የተሳሳተ ከመሰላችሁ፣ ከመለወጣችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡት። ቃሉን አውጥታችሁ በሁለት ዓይነት ተመሳሳይ ሞክሩት። ሁለቱም ከቆሙ ገጣሚው አስቦበታልና ተዉለት። ገጣሚው በሕይወት ካለ ደግሞ ደውላችሁ ጠይቁት። «ስለት» ብሎ የጻፈን ሰው «ስዕለት» አትበሉበት።